«ምኑ ነው ያልገባሽ?» ለሚል አለቃ የሚጻፍ ጥያቄ

*ኮምቦልቻ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጨርቅ መጋዘን ውስጥ የስቶር ጸሐፊ ሆኜ ከገባሁ አራተኛ ወሬ ነው። አለቃዬ አብዛኛውን ሳምንት የሚውሉት ደሴ ስለሆነ ሥራ የሚሰጡኝ በኢሜይል ነው። ሰኞ ሐምሌ 7 «የሰኔ የጨርቅ ሪፖርት ከነብልሽቱ እስከ ዓርብ ጠዋት ይድረሰኝ» ብለው ጻፉልኝ። ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ቆይቼ ረቡዕ ከሰዓት «ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው የተሰጠኝ ሥራ ግልጽ ስላልሆነልኝ እንዲያብራሩልኝ በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ» ብዬ ላክሁላቸው። የመለሱልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ምኑ ነው ያልገባሽ? ደግመሽ አንብቢው።» አፈርኩ። በመሰለኝ ሠርቼ ዓርብ ስልከው ደግሞ ወሩ ተሳስቷል ተብሎ ተመለሰብኝ። ብጠይቅም ባልጠይቅም ጥፋተኛ ሆንኩ። ሥራዬን የማላውቅ ሳልመስል መጠየቅ የምችለው እንዴት ብጽፍ ነው?*

*የመጋዘኗ፣ ከኮምቦልቻ*

አብሽሪ፣ እህቴ። «ምኑ ነው ያልገባሽ?» የሚለው መልስ ቁጣ ቢመስልም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ኢሜይልሽ ውስጥ መልሱ አልነበረማ። አለቃሽ መልእክትሽን ስልካቸው ላይ ሲከፍቱት የሚያዩት አንድ ነገር እንዳልገባሽ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን አይታያቸውም። የራሳቸውን መልእክት ወርደው ደግመው ያነቡታል፤ ለእሳቸው ጥርት ያለ ነው፣ ምክንያቱም ሪፖርቱ ለማን እንደሚሄድና ለምን እንደተፈለገ ያውቃሉ። ሊመልሱልሽ ቢፈልጉ እንኳ መጀመሪያ አንቺ የማታውቂውን መገመት፣ ቀጥሎ ሁሉንም ከሥሩ መጻፍ ይኖርባቸዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረደ ያለ ሰው በስልክ ይህን አያደርግም። ስለዚህ ጥያቄውን መልሰው ለአንቺ ሰጡሽ።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ «ሥራው አልገባኝም» ከማለት ይልቅ ሁለት ትርጉም ያለውን ቃል ለይተሽ አውጪና ስለዚያ ቃል ጠይቂ። ቃሉን ለይቶ የጠየቀ ሰው ሥራውን እንዳነበበው፣ እንዳሰበበት፣ ምናልባትም እንደጀመረው ከጥያቄው ይታያል። ሳይዘጋጁ የመጡ የሚመስሉት ጠቅላላ ጥያቄ የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው።

እስቲ በዚያው በአለቃሽ መልእክት እንሥራው። ወረቀት ላይ ገልብጪውና እያንዳንዱ ቃል ሥር አስምሪ፦ የሰኔ፣ የጨርቅ፣ ሪፖርት፣ ከነብልሽቱ፣ እስከ ዓርብ ጠዋት። በእያንዳንዱ ላይ ራስሽን የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፦ «ይህን ቃል ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት አድርጎ ቢረዳው ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ይለወጣል?» የማይለወጥ ከሆነ እለፊው። የሚለወጥ ከሆነ ምልክት አድርጊበት።

«ሰኔ» የሚለው ቃል የወጥመዱ ዋና ነው፣ አንቺንም የጣለሽ እሱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ ማለት በፈረንጆቹ ከጁን 8 እስከ ጁላይ 7 ነው። ብዙ ሰው ግን ጁንን «ሰኔ» ብሎ ይጠራዋል፣ በተለይ ከውጭ ገዢና አቅራቢ ጋር የሚጻጻፉ ቢሮዎች። ጁን ደግሞ በእኛ ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ነው። ስለዚህ የሁለቱ «ሰኔዎች» ልዩነት ከፊት ሰባት ቀን፣ ከኋላም ሰባት ቀን ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን በጨርቅ ሪፖርት ውስጥ አንድም ቁጥር ሳይነካ አይቀርም፦ መነሻ ቀሪው የሰኔ 1 ወይም የግንቦት 24 ይሆናል፣ ገቢውና ወጪው ይለወጣል፣ የመጨረሻው ቀሪም የሰኔ 30 ወይም የሰኔ 23 ይሆናል። አለቃሽ የፈለጉት ጁንን ሆኖ አንቺ ሰኔን ብትልኪ፣ አንዱን ሳጥን አርመሽ የምትመልሺው ስህተት አይደለም፤ ሙሉ ገጹ ሌላ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፣ ብዙ ድርጅትም ሒሳቡን የሚዘጋው በዚያው ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ «የሰኔ ሪፖርት» የሚል ሰው የዓመት መዝጊያውን ማለቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሰኔ ሰኔ ነው፣ ምን ይጠየቃል?» ማለትም፣ «ከውጭ ገዢ ጋር ስለምንሠራ ጁን መሆን አለበት» ማለትም ግምት ነው። ይህ በእርግጥ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው።

«ጨርቅ» ሲባል ገበሩ (ላይኒንጉ) ይግባ አይግባ፣ ልኬቱ በሜትር ይሁን በኪሎ ወይስ በሮል ብዛት የሚል ጥያቄ ይመጣል። «ሪፖርት» ሲባል ደግሞ ቅጹ የትኛው ነው የሚል። እነዚህን ግን ለአለቃሽ አትውሰጃቸው። የግንቦቱን ሪፖርት ፎልደር ውስጥ ወይም ኢሜይል ላይ ፈልገሽ ክፈቺው፤ ቅጹ እዚያ አለ፣ ኒት ጨርቅ በኪሎ፣ ዎቨን በሜትር ተመዝግቦ ከሆነም እዚያው ታዪዋለሽ። ያለፈው ሪፖርት ባይገኝ አጠገብሽ ያለው የቆየ የስቶር ሠራተኛ ያውቀዋል። እዚህ ላይ የምትይዢው መለያ ይኑርሽ፦ «የት አለ?» እና «እንዴት ይሠራል?» የሚሉ ጥያቄዎች ለፋይልና ለሥራ ባልደረባ ናቸው፤ «ከሁለቱ የቱን?» የሚለው ብቻ ለአለቃ ነው፣ ምክንያቱም መወሰን የሚችሉት እሳቸው ናቸው። ሥራውን የማታውቂ የሚያስመስልሽ የመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ ወደ አለቃ ሲደርስ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ማንንም አያሳፍርም።

«ከነብልሽቱ» የሚለውም ሁለት መልክ አለው፣ ከወሩ ቀጥሎ ገንዘብ የሚነካውም እሱ ነው። አንደኛው ብልሽት ኳሊቲ ሲፈትሽ ቀዳዳ፣ ክር መሳብ ወይም የቀለም መለያየት አግኝቶ የመለሳቸው ሮሎች ናቸው፤ የእነዚህ ተጠያቂ ጨርቁን ያቀረበው ድርጅት ነው፣ ካሳም የሚጠየቅባቸው ናቸው። ሌላው መጋዘን ውስጥ ከገባ በኋላ ውኃ የነካው፣ አይጥ የበላው፣ በፎርክሊፍት የተቀደደው ነው፤ የዚህ ተጠያቂ መጋዘኑ ነው። ሁለቱን በአንድ ድምር ብታስገቢያቸው አቅራቢው ባላጠፋው ይጠየቃል፣ ወይም የመጋዘኑ ጉዳት ሳይታይ ያልፋል። አለቃሽ የትኛውን እንደፈለጉ ከአንዱ ቃል አይታወቅም።

«ዓርብ ጠዋት» ቀላሉ ነው። የዓርብ የምሳ ዕረፍት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ5 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፣ በእኛ አካባቢም ሰው ለጁምዓ ቀደም ብሎ ይወጣል። ከዚያ በፊት ከደረሰ ጠዋት ደርሷል። መጠየቅ አያስፈልገውም፣ ሐሙስ ማታ ብትጨርሺው ይበቃል። (ጊዜው በእንግሊዝኛ በተጻፈ ኢሜይል ውስጥ በቁጥር ብቻ «4:00» ተብሎ ቢመጣ ግን የጠዋቱ 4 ሰዓት ይሁን የከሰዓቱ 10 ሰዓት አረጋግጪ፤ በዚህች ምክንያት የሚያመልጥ ስብሰባ ጥቂት አይደለም።)

ከአምስት ቃል ሁለት ቀሩ። ይህ ሁሉ ሥራ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ መልእክቱ በደረሰሽ ዕለት ሰኞ ከሰዓት የሚያልቅ። አሁን ኢሜይሉን ከመጻፍሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ፦ በሁለቱም ትርጉም የማይለወጠውን ክፍል ጀምሪ። ሰኔም ተባለ ጁን፣ ከሰኔ 1 እስከ ሰኔ 23 ያለው 23 ቀን በሁለቱም ውስጥ አለ። የእነዚህን ቀኖች ገቢና ወጪ ከቢን ካርዱ መገልበጥ ከጀመርሽ አንድም ደቂቃ አይባክንም፣ «ጀምሬያለሁ» ብለሽ ስትጽፊም እውነትሽን ነው። ቢን ካርዱ ላይ እያንዳንዱ መስመር ቀንና ቀሪ ስላለው የሰኔ 23ን ቀሪ ኋላ ማውጣትም አይቸግርሽም። በአካል የቆጠርሽው ሰኔ 30 ከሆነ ግን ያንን ቆጠራ የሰኔ 23 አድርገሽ አታቅርቢው፤ በመካከል የወጣውን መልሰሽ መደመር፣ የገባውን መቀነስ ይኖርብሻል።

ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚላከው ኢሜይል ይህን ይመስላል። የሮሎቹ ቁጥር ምሳሌ ነው፣ የራስሽን ተኪበት።

> ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣
>
> የሰኔን የጨርቅ ሪፖርት ጀምሬያለሁ። ዓርብ ጠዋት እንዲደርስዎ ሁለት ነጥብ ላይ እንዲወስኑልኝ እፈልጋለሁ።
>
> 1. ወሩ፦ የግንቦቱ ሪፖርት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለተሠራ ይህንንም ከሰኔ 1 እስከ 30 (ከጁን 8 እስከ ጁላይ 7) አድርጌ ይዤዋለሁ። የተፈለገው ጁን ከሆነ ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ይሆናል፣ መነሻውም የመጨረሻ ቀሪውም ይለወጣል። ሰኔ ወይስ ጁን?
>
> 2. ብልሽቱ፦ ኳሊቲ የመለሳቸው 11 ሮሎች እና መጋዘን ውስጥ ውኃ የነካቸው 3 ሮሎች አሉ። ሁለቱንም በተለያየ ዓምድ ላስገባ አስቤያለሁ። ሁለቱም ይግቡ ወይስ ኳሊቲ የመለሳቸው ብቻ?
>
> ሪፖርቱ ለዓመት መዝጊያ ነው ብዬ ነው የያዝኩት። እስከ ነገ ረቡዕ 6 ሰዓት ሌላ ካላሉኝ ከላይ በያዝኩት መሠረት ጨርሼ ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ እልክልዎታለሁ።
>
> ከአክብሮት ጋር
> (ስምሽ፣ የጨርቅ መጋዘን፣ ስልክ ቁጥር)

አለቃሽ ለዚህ ሊመልሱ የሚችሉት «1 ጁን፣ 2 ሁለቱም» ብለው ነው። አራት ቃል፣ በአንድ እጅ የሚጻፍ። ኢሜይሉን ጽፈሽ ስትጨርሺ የምትፈትኚውም በዚህ ነው፦ አለቃዬ በአንድ መስመር መመለስ ይችላሉ? ካልቻሉ ያልተለየ ነገር ቀርቷል ማለት ነው፤ ተመልሰሽ ለዪው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሁለት ነገር ይዘዋል፦ ሥራው መጀመሩንና ከእሳቸው የሚፈለገው ስንት እንደሆነ። «ሁለት ነጥብ» ሲባል አንባቢው ልኩን አወቀ፣ ለማታ አያቆየውም። ጥያቄው አምስተኛው መስመር ላይ ተቀብሮ ሲመጣ ግን ሰላምታውን አይተው «በኋላ አነበዋለሁ» ይላሉ፣ ያ በኋላ ደግሞ አይመጣም። ከሦስት ነጥብ በላይ ከሆነብሽ ደግሞ ምናልባት ፋይል ውስጥ ያለ መልስ አልፈሽ ይሆናል፤ አለበለዚያም ነገሩ በኢሜይል የሚያልቅ ስላልሆነ አሥር ደቂቃ ስልክ ጠይቂ።

በእያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ የምርጫሽን ምክንያት በአጭሩ መጻፍሽን አትተዪ። «የግንቦቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለተሠራ» የምትለው ሐረግ የቀድሞውን ሪፖርት ከፍተሽ እንዳየሽ ታሳያለች። «ብዙ ፈልጌ፣ ደክሜ፣ አጣርቼ» ብሎ ከመጻፍ ይህች ሐረግ ብቻዋን ትበልጣለች። ስትሳሳቺም የምትታረሚው በምክንያትሽ ነው፦ አለቃሽ «የግንቦቱም ተሳስቶ ነው፣ ከአሁን በኋላ በጁን ይሁን» ሊሉ ይችላሉ፣ ያን ደግሞ ሳትጠይቂ አታውቂውም ነበር።

«ለዓመት መዝጊያ ነው ብዬ ነው የያዝኩት» የሚለውን መስመር በተለይ ልብ በዪው። ሁለቱም ጥርጣሬዎች የተነሡት ሪፖርቱ ለማን እንደሚሄድ ስላልተነገረሽ ነው። የገመትሽውን ዓላማ በግልጽ ስታስቀምጪው፣ ከተሳሳትሽ አለቃሽ «አይደለም፣ ከአቅራቢው ካሳ ልንጠይቅበት ነው» ይሉሻል፤ ያኔ ሁለቱም ነጥብ አብሮ ይፈታል። ዓላማውን ብቻ ጠይቀሽ ሁለቱን ነጥብ ከመተው ግን ተቆጠቢ። ለአቅራቢው የሚሄድ ሪፖርት ሆኖም የመጋዘኑን ጉዳት ጭምር ማየት ሊፈልጉ ይችላሉና ነጥቦቹ ለየብቻ ይቁሙ።

አሁን «ሌላ ካላሉኝ» ወደሚለው ልግባ፣ ብዙ ሰው የሚፈራውና አንዳንዱም ያለ ቦታው የሚጠቀምበት እሱ ነውና። ሐረጉ አለቃን ማስገደድ አይደለም። አለቃሽ መልስ ባይሰጡ እንኳ ሥራው እንደማይቆም ይነግራቸዋል፣ ለማረም ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ይተውላቸዋል። ሁለት ነገር ግን ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቀንና ሰዓት ነው። «ካልመለሱልኝ እቀጥላለሁ» ብቻ ካልሽ ዛቻ ይመስላል፤ «እስከ ረቡዕ 6 ሰዓት» ስትዪ ግን ዕቅድ ይሆናል። ሁለተኛው፣ የምትቀጥዪበት ነገር ቢሳሳት የሚመለስ መሆን አለበት። ኤክሴል ላይ ያለ ሪፖርት ይመለሳል። ውኃ የነካቸውን ሦስት ሮሎች ከመዝገብ መሰረዝ፣ ለማስወገድ ከመጋዘን ማውጣት፣ የካሳ ቁጥር ለአቅራቢው በቀጥታ መላክ፣ ክፍያ መጠየቅ ግን አይመለሱም። ለእነዚህ ሐረጉን ገልብጪው፦ «እስኪፈቅዱልኝ ድረስ ሮሎቹን ባሉበት ለይቼ አቆያቸዋለሁ፣ የተቀረውን ሪፖርት ግን ሐሙስ እልካለሁ።» ዝምታ ለሚመለስ ሥራ እሺታ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል፤ ለማይመለስ ሥራ ግን ዝምታ እንቢታ ነው።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር በግልጽ ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከቃላቱ ይልቅ የጎዳሽ ይህ ነው ብዬ ስላመንኩ። ሰኞ የደረሰ ሥራ ላይ ረቡዕ ከሰዓት የሚመጣ ጥያቄ፣ ምንም ያህል በደንብ ቢጻፍ፣ «ሁለት ቀን ምን ስትሠራ ነበር?» የሚል ጥርጣሬ ያስነሣል። ያው ጥያቄ ማክሰኞ ጠዋት ቢደርስ ትጋት ነው። ሰኞውኑ፣ መልእክቱ በደረሰ በአምስት ደቂቃ ከላክሽው ደግሞ ፋይሉን ሳትከፍቺ እንደጠየቅሽ ያስታውቃል። አራት ቀን የተሰጠው ሥራ ጥያቄው ከሁለተኛው ቀን ጠዋት ማለፍ የለበትም። ሰኞ ከሰዓት ፈትሸሽ፣ ጀምረሽ፣ ረቂቁን ጽፈሽ እደሪ፤ ጠዋት አንዴ አንብበሽው ላኪ።

ቃላቱ ላይ እንምጣ። «ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው» የማመልከቻ ቋንቋ ነው፤ ማኅተም አርፎበት መዝገብ ቤት ለሚገባ ደብዳቤ ቦታ አለው። ለኢሜይል ግን የስልኩን የመጀመሪያ ገጽ ይበላዋል፣ ጥያቄሽን ወደ ታች ይገፋዋል። «በታላቅ ትህትና»፣ «ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ»፣ «ምናልባት የእኔ አለመረዳት ይሆናል» የሚሉትን አክብሮት ለማሳየት እንደምትጽፊያቸው አውቃለሁ። አማርኛ ግን አክብሮቱን ግሡ ውስጥ አስቀምጦታል። «ይወስኑልኝ»፣ «እልክልዎታለሁ» ካልሽ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ራስን ዝቅ ማድረግ አንባቢው ያልጠረጠረውን ድክመት ያሳየዋል። የምትጠነቀቂው ይልቅ መደባለቅን ነው፦ «እርስዎ» ብለሽ ጀምረሽ መሐል ላይ «ከላክህልኝ በኋላ» ብትዪ፣ ያች አንዲት ግሥ የሰላምታውን ሁሉ ታፈርሰዋለች። ሳትልኪ በፊት ግሦቹን ብቻ እየለቀምሽ አንዴ እለፊባቸው።

«ግልጽ አይደለም» የሚለውንም ተዪው። «ግልጽ አልሆነልኝም» ስትዪ ወይ አንቺ አልተረዳሽም ወይ እሳቸው በደንብ አልጻፉም፣ ሁለቱም ሰው ላይ ያርፋል። «ሁለት መልክ አለው»፣ «በሁለት መንገድ ሊሠራ ይችላል» ካልሽ ግን ነገሩ ቃሉ ላይ ያርፋል፣ ማንም አይከሰስም።

ኢሜይሉን የት እንደምትጽፊውም ለውጥ አለው። ሥራው በኢሜይል ከመጣ ያንኑ «መልስ» ብለሽ ጻፊበት፤ የእሳቸው ትእዛዝ ከሥር ስለሚታይ መፈለግ አይኖርባቸውም። ጂሜይል ላይ ርዕሱን ከቀየርሽው አዲስ ሰንሰለት ስለሚጀምር እንዳለ ተዪው። ሥራው በቃል ወይም በስልክ ከተሰጠሽ ግን ርዕሱን አንቺ ነሽ የምትሰጪው፦ «የሰኔ ጨርቅ ሪፖርት፦ 2 ነጥብ እስከ ረቡዕ» ዓይነት። የሥራው ስም ይቅደም፣ ስልክ ላይ የሚታየው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸውና። «ስለ ሥራው» ወይም «ጥያቄ» የሚል ርዕስ ከሳምንት በኋላ ተፈልጎ አይገኝም። ሲሲ ላይ የእሳቸውን አለቃ አታስገቢ፤ ጥያቄሽ ወዲያው አቤቱታ ይሆናል።

ረቡዕ 6 ሰዓት ደርሶ መልስ ካልመጣ፣ ከመቀጠልሽ በፊት አንድ ጊዜ ደውዪ ወይም በቴሌግራም አንዲት መስመር ጣዪ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ትናንት 3 ሰዓት ላይ በሰኔው ሪፖርት ሁለት ነጥብ ልኬልዎ ነበር፤ ካልተመቸዎ በያዝኩት ልቀጥል።» ኔትዎርክ የሚጠፋበት ቀን ስላለ ኢሜይሉ ሳይደርስ ቀርቶም ይሆናል። በኢትዮጵያ ቢሮ ደግሞ ብዙ አለቃ ከመጻፍ መደወል ይቀለዋል፣ ስለዚህ መልሱ በስልክ ቢመጣ አይግረምሽ። ያኔ ስልኩን እንደዘጋሽ በዚያው ሰንሰለት ላይ ሁለት መስመር ጻፊ፦ «በስልክ በተነጋገርነው መሠረት ሪፖርቱን በጁን (ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23) እሠራለሁ፣ ብልሽቱ ሁለቱም በተለያየ ዓምድ ይገባል። አመሰግናለሁ።» ይህ አለመተማመን አይደለም። ስልክ ላይ «ሰኔ» ሲሉ ጁን ማለታቸው እንደገና ሊያመልጥሽ ይችላል፤ ቀኖቹን በቁጥር ጽፈሽ ስትልኪላቸው ግን የተሳሳተ ካለ ያኔውኑ ያዩታል።

ሪፖርቱን ስትልኪ ደግሞ መልሱን ኢሜይል ውስጥ ብቻ አትተዪው። ከቅጹ አናት፣ ከሠንጠረዡ በላይ አንድ መስመር ጨምሪ፦ «ጊዜ፦ ጁን 1 እስከ 30 (ግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23)። ብልሽት፦ ኳሊቲ የመለሰውና መጋዘን ውስጥ የተጎዳው ለየብቻ።» በሚቀጥለው ወር «የሐምሌ ሪፖርት» ሲባል ይህችን መስመር አይተሽ ጁላይ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 እንደሆነ ትይዣለሽ፣ ያው ጥያቄ ዳግም አይነሣም። የሰኔና የሐምሌ ሒሳብ በየዓመቱ አንድ ነው፤ ከመስከረም እስከ የካቲት ባሉት ወሮች ግን ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት አንድ ቀን ስለሚሸጋገር ያኔ ካሌንደር ከፍተሽ አመሳክሪ።

የተመለሰብሽን ሪፖርት በተመለከተ፦ እስካሁን ካልላክሽው ይቅርታ የሚያበዛ ደብዳቤ አታስቀድሚበት። በጁን አስተካክለሽ፣ ያችን የጊዜ መስመር አናቱ ላይ አድርገሽ፣ «ወሩ ታርሟል፤ መነሻና የመጨረሻ ቀሪው እንደገና ከቢን ካርድ ተወስዷል» ብለሽ ላኪው።